ከፊደሉ ይልቅ ቃሉ፦ የታጂክ ልምድና በአምስት ቋንቋ ሊጻፍ የታሰበው ሕጋችን

በየካቲት 2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ ከአማርኛ ጎን አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛና አፋርኛ የፌዴራል መንግሥት የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ አቅጣጫ አስቀምጧል። ያኔ የተነሣው ክርክር በአብዛኛው በማንነትና በፊደል ላይ ያተኮረ ነበር። ከአምስቱ ቋንቋዎች ሁለቱ በግዕዝ ፊደል፣ ሦስቱ በላቲን ይጻፋሉ፤ ብዙ ሰው አስቸጋሪው ነገር ይኸው የፊደል ልዩነት ይመስለዋል። ለሕግ ሥራ ግን ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው። አራዳ ክፍለ ከተማ ውስጥ በሚገኘው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የሚታተመው ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ዛሬ በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ ጎን ለጎን በተሰለፉ ሁለት ዓምዶች ይወጣል። ዓምዶቹ አምስትና ስድስት ሲሆኑ ለእያንዳንዱ የሕግ ሐሳብ የሚሰጠውን ቃል የሚመርጠው ማን ነው? ከየት አምጥቶ? የቃሉ ትርጉም ቢያከራክርስ የሚጸናው የትኛው ዓምድ ነው?

ይህን መንገድ ቀድመው ከሄዱት አገሮች አንዷ ታጂኪስታን ናት። የታጂክ ቋንቋ በመሠረቱ ፋርስኛ ነው፤ የሚጻፈው ግን ሩሲያኛ በሚጻፍበት በሲሪሊክ ፊደል ነው። ፊደልና ኦፊሴላዊ ቃል አንድን ቋንቋ እንዴት እንደሚለያዩት፣ ከሁለቱ የትኛው የበለጠ እንደሚለይ በዚህች አገር በግልጽ ይታያል።

በአሥራ ሁለት ዓመት ሁለት ፊደል

ታጂኪስታን እ.ኤ.አ. በ1924 በኡዝቤኪስታን ሥር ያለች ራስ ገዝ ሪፐብሊክ፣ በ1929 ደግሞ ራሷን የቻለች የሶቪየት ሪፐብሊክ ሆና ተመሠረተች። እስከዚያ ድረስ ሕዝቡ የሚጽፈው ኢራንና አፍጋኒስታን በሚጽፉበት፣ ከዐረብኛ በተወሰደው ፊደል ነበር። በ1928 ገደማ በላቲን ተተካ፤ በ1940 ደግሞ ላቲኑ ቀርቶ ሲሪሊክ መጣ። የመጀመሪያው ለውጥ ዓላማ ሕዝቡን ከሃይማኖት ትምህርት ቤቱና ከደቡብ ጎረቤቶቹ መለየት ሲሆን፣ ሁለተኛው ወደ ሩሲያኛ ለማቅረብ የታሰበ ነው።

ለውጡ ፖለቲካዊ ቢሆንም ቋንቋዊ ጥቅም አልነበረውም ማለት አይቻልም። የፋርስ ጽሕፈት አጫጭር አናባቢዎችን አይጽፍም፤ በታጂክ የሚለያዩ አንዳንድ ድምፆችንም አንድ አድርጎ ያስቀምጣል። ታጂኮች ወተትን «ሺር»፣ አንበሳን «ሼር» ይላሉ። በአሮጌው ጽሕፈት ሁለቱም አንድ ዓይነት ሆነው ይጻፋሉ፤ በሲሪሊክ ግን ይለያያሉ። በአንጻሩ የዐረብኛ ምንጭ ያላቸው ቃላት በተለያዩ ፊደላት የሚጽፏቸው፣ በድምፅ ግን አንድ የሆኑ «ሰ»ዎችና «ዘ»ዎች በሲሪሊክ ተጠቃለሉ። አማርኛ አንባቢ የሀ፣ ሐና ኀ ወይም የሰና ሠ ክርክርን ስለሚያውቅ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፦ መጻፉ ይቀላል፣ የቃሉ ዝምድና ግን ይደበቃል።

ተመሳሳይ ስሌት በእኛም አገር ተደርጓል። በ1984 ዓ.ም. ጥቅምት አዲስ አበባ በሚገኘው የፓርላማ አዳራሽ የተሰበሰቡ የኦሮሞ ምሁራን ቁቤን ሲመርጡ ከፖለቲካው ጎን ያቀረቡት ምክንያት የድምፅ ጉዳይ ነበር። የግዕዝ ፊደል ጥብቀትን አያሳይም፤ «ገና» የሚለውን ቃል አንባቢ ከዐውዱ ካልሆነ ለይቶ እንደማያነበው ማለት ነው። በኦሮምኛ «በዳ» ላልቶ ሲነበብ መጥፎ፣ ጠብቆ ሲነበብ ደጋ ነው፤ ቁቤ ጠባቂውን ተነባቢ ደግሞ በመጻፍ ይለያቸዋል። ዋጋውም እንደ ታጂኩ ነው። ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው፣ በ1899 የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል ነው፤ ቁቤ ብቻ ያጠና ልጅ አያነበውም። ለኦሮምኛው ድምፅ ሲባል ተለይቶ የተቀረጸው «ዸ» ዛሬ ከአሮጌ መጻሕፍት ውጭ እምብዛም አይታይም።

እስከዚህ ድረስ ፊደል ትልቅ ነገር ይመስላል። ግን የፊደል ጉዳት ሊጠገን የሚችል ጉዳት ነው። የታጂክ አሳታሚዎች የጥንቱን ፋርስኛ ሥነ ጽሑፍ በሲሪሊክ ገልብጠው አትመውታል፤ አንድ የቴህራን ሰውና አንድ የዱሻንቤ ሰው ሲገናኙም ትንሽ እየተቸገሩ ይግባባሉ። ጽሑፍን ከፊደል ወደ ፊደል መገልበጥ በአመዛኙ የአሠራር ጉዳይ ነው። የቃል ልዩነት ግን በመገልበጥ አይጠፋም።

አንድ ቋንቋ፣ ሦስት ዐቃቤ ሕግ

ይህን ለማየት ፍርድ ቤት መግባት ይበቃል። በታጂኪስታን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት «ሱድ» ነው፤ ቃሉ ከሩሲያኛ እንዳለ የተወሰደ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «ሱዲ ኦሊ» ይባላል፤ ፊተኛው ቃል ሩሲያኛ፣ ኋለኛው ከዐረብኛ ወደ ፋርስኛ የገባ «የላይ» ማለት ነው። ዐቃቤ ሕጉ «ፕሮኩሮር» ነው። ወደ ኢራን ስንሻገር ፍርድ ቤቱ «ዳድጋህ»፣ ዐቃቤ ሕጉ «ዳድሴታን» ይሆናል፤ ሁለቱም «ፍትሕ» ከሚል ጥንታዊ የፋርስ ሥር የተሠሩ ናቸው። በአፍጋኒስታን ደግሞ ፋርስኛ ተናጋሪው ዳኛ ጭምር ዐቃቤ ሕጉን «ሳራንዋል»፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱን «ስተራ ማሐከማ» ሲል ኖሯል፤ እነዚህ ከፓሽቶ ቋንቋ የመጡ ናቸው።

ከዚህ ንጽጽር የሚገኘው ትምህርት ከተለመደው የፊደል ክርክር ይለያል። አፍጋኒስታንና ኢራን የሚጽፉት በአንድ ፊደል ነው፤ የሕግ ቃላቸው ግን ተለያይቷል። ስለዚህ የታጂክ የሕግ ቋንቋ ከኢራን የራቀው በሲሪሊክ ስለተጻፈ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። የራቀው ሕጉ የተረቀቀበት፣ ሕግ ባለሙያው የተማረበትና የቢሮው ወረቀት የሚዘዋወርበት ቋንቋ ሩሲያኛ ስለነበረ ነው። አፍጋኒስታንም የራቀችው የመንግሥቱ ሥያሜ በፓሽቶ እንዲሆን ስለተወሰነ ነው። ኢራን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1935 ባቋቋመችው የቋንቋ አካዳሚዋ አማካይነት ከዐረብኛ የመጡ የሕግ ቃላትን በፋርስኛ ሥር በተሠሩ ቃላት ለመተካት ሞክራለች፤ ልዩነቱ ከዚያም በኩል ተጨምሯል።

ታጂኪስታን ልዩነቱን ለማጥበብ ሞክራ ታውቃለች። በሐምሌ 1989 እ.ኤ.አ. የወጣው የቋንቋ ሕግ የመንግሥት ቋንቋ «ታጂክ (ፋርሲ)» መሆኑን ደነገገ፤ አሮጌው ጽሕፈት እንዲጠናም አሳሰበ። በዚያ ግለት ብዙ የሩሲያ ቃላት በፋርስ ቃላት ተተኩ። ዩኒቨርሲቲው «ዶኒሽጎህ»፣ አውሮፕላን ማረፊያው «ፉሩድጎህ» ሆነ፤ ሁለቱም ጸንተው ዛሬም ይሠራባቸዋል። ከዚያ እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1997 የቆየው የእርስ በርስ ጦርነት መጣ። የ1994ቱ ሕገ መንግሥት የመንግሥት ቋንቋውን «ታጂክ» ብቻ አለው፤ በቅንፍ የነበረው «ፋርሲ» ወጣ። ሩሲያኛም በብሔረሰቦች መካከል የመገናኛ ቋንቋ ሆኖ በዚያው ሕገ መንግሥት ተቀመጠ።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር ይታያል። «ዶኒሽጎህ» ሲጸና በሕጉ ውስጥ ያለው «ሱድ» አልተነቃነቀም። «ዶድጎህ» የሚለው የፋርስ ቃል በሬዲዮና በጋዜጣ ይሰማል፤ በሕጉና በፍርድ ቤቱ ማኅተም ላይ ግን ሩሲያኛው ነው ያለው። በዚያው አገር ሕግ ውስጥ ዜጋ የሚባለው በሕገ መንግሥቱ «ሻህርቫንድ» በሚል ፋርሳዊ ቃል ሲሆን፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሥያሜ ግን በሩሲያኛው «ግራዥዳኒን» ላይ የተመሠረተ ነው፤ በ2022 እ.ኤ.አ. አዲስ ሕግ ሲወጣም ይኸው ስም ቀጠለ። ዜጋው በአንዱ ሰነድ ፋርስኛ፣ በሌላው ሩሲያኛ ነው።

ለምን? የሕንፃ በር ላይ ያለ ስም ሲለወጥ የሚለወጠው ሰሌዳው ነው። በሕግ ውስጥ ያለ ቃል ግን ብቻውን አይቆምም። «ሱድ» የሚለው ቃል በመቶ በሚቆጠሩ አንቀጾች፣ በቀደሙ ፍርዶችና በውሎች ውስጥ ተጠቅሷል። አንዱ ሕግ ቃሉን ቀይሮ ሌላው ቢያስቀረው ጠበቃ «ሁለቱ ቃላት ሁለት ነገር ናቸው» ብሎ የመከራከሪያ በር ያገኛል። በዚህ ላይ የታጂኪስታን ሕጎች ብዙዎቹ የቀድሞዎቹ የሶቪየት አገሮች ማኅበር ካዘጋጃቸው ሞዴል ሕጎች የተቀዱ ናቸው፤ የ1999 እ.ኤ.አ. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንዱ ምሳሌ ነው። ሞዴሉ በሩሲያኛ እስከሆነ ድረስ የሩሲያኛውን ቃል መያዝ ለተርጓሚው ከስህተት የሚድንበት ቀላል መንገድ ነው።

አማርኛውም ትርጉም ነበር

ወደ እኛ ስንመለስ አማርኛን እንደ ምንጭ፣ ሌሎቹን ቋንቋዎች እንደ ትርጉም ማየት ይቀናናል። ግን የአማርኛ የሕግ ቋንቋ ራሱ በትርጉም የተሠራ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ረቂቆቹ በፈረንሳይኛ ተጽፈው ነው ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ የተመለሱት።

ተርጓሚዎቹ ከሦስት ጎተራ ቃል አወጡ። አንደኛው ግዕዝ ነው፤ «ፍትሐ ብሔር»፣ «ዐቃቤ ሕግ»፣ «ሕገ መንግሥት» የሚሉት ቃላት በግዕዝ አገባብ የተሠሩ ናቸው። ሁለተኛው የባህላዊው ሙግት ቋንቋ ነው፤ «ይግባኝ» ባላገሩ ከዳኛ ዳኛ ሲያልፍ የሚያሰማው ቃል ነበር፤ «ችሎት» የንጉሡ ዳኝነት ሸንጎ ነው፤ በተወሰነ ጊዜ ያልተጠየቀ መብት የሚቀርበት «ይርጋ» ደግሞ «ረጋ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው። ሦስተኛው የባዕዱን ሐሳብ በአማርኛ ግሥ መቅረጽ ነው። «ሰበር» የተገኘው በዚህ መንገድ ነው፤ ፈረንሳዮች የበታች ፍርድ ቤትን ፍርድ የሚሽረውን ከፍተኛ ችሎት «መስበር» ከሚል ግሥ ስለሚጠሩት አማርኛውም ሰባሪ ሆነ።

ይህ አንድ ቃል፣ ማለትም ሰበር፣ የአማራጮቹን ሙሉ መልክ ያሳያል። ታጂክ ሩሲያኛውን ተከትላ «ካሳትሲያ» ብላ ተዋሰች። ኢራን «ፋርጃም» አለች፤ ቃሉ «ፍጻሜ» እንደማለት ነው፤ ሐሳቡን ከሌላ ጎን ይዞ አዲስ ስም ሰጠው። አማርኛ የፈረንሳይኛውን ምስል ተርጉሞ «ሰበር» አለ። አፋን ኦሮሞ ደግሞ በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች «ኢጂባታ» የሚል የራሱ ቃል አለው፤ ችሎቱ «ዸዳቻ ኢጂባታ» ይባላል። አንድ የፈረንሳይ ተቋም በአራት ቋንቋ አራት መልክ ይዟል፤ አራቱም ይሠራሉ። አንዱ ትክክል ሌላው ስህተት ነው የሚያሰኝ መለኪያ የለም። መለኪያው ሌላ ነው፦ ቃሉ በዚያ ቋንቋ ሁልጊዜ አንድ ነገር ብቻ ያመለክታል ወይ? በቋንቋው የሚሟገተው ሰውስ ይረዳዋል ወይ?

የኦሮምኛው የሕግ ቋንቋ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በአጭር ጊዜ ተገንብቷል፤ የራሱ ጎተራም አለው። የክልሉ ምክር ቤት «ጨፌ» የተባለው ከገዳ ሸንጎ ተወስዶ ነው። ዐቃቤ ሕጉ «አባ አለንጋ» ነው፤ አለንጋ በገዳ ሥርዓት የዳኝነት ሥልጣን ምልክት ስለሆነ። ፍርድ ቤቱ «መነ ሙርቲ» ሲባል፣ «መነ» ቤት፣ «ሙርቲ» ፍርድ ወይም ውሳኔ ነው፤ አሠራሩ ከአማርኛው ጋር አንድ ነው። ይግባኝ «ኦል-ኢያኖ» ነው፤ ወደ ላይ አቤት ማለት። ስለዚህ አፋን ኦሮሞ የሕግ ቃል የለውም የሚለው ወሬ ከእውነት የራቀ ነው። ጉዳዩ ቃሉ በክልሉ ውስጥ ያለውን ትርጉም ይዞ ወደ ፌዴራል ሰነድ እንዴት ይገባል የሚለው ነው።

ትግርኛ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ፈተና ያመጣል። የፊደል ችግር የለበትም፤ ግን ከአፍጋኒስታንና ከኢራን ጋር የሚመሳሰል የቃል ልዩነት አለበት። በትግራይ ሕገ መንግሥት «ሕገ መንግስቲ» ሲባል፣ በኤርትራ «ቅዋም» ይባላል። እዚህ «ሚኒስቴር» የሚባለው መሥሪያ ቤት እዚያ «ሚኒስትሪ» ነው። አንድ ፊደል፣ አንድ ቋንቋ፣ ሁለት መንግሥት፤ ውጤቱ ሁለት የመንግሥት ቃል ሆነ። ሶማሊኛም በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1972 በሞቃዲሾ በተወሰነው የላቲን ጽሕፈት ይጻፋል፤ ለሕገ መንግሥት «ደስቱር»፣ ለፍርድ ቤት «መሕከመድ» የሚሉ የዐረብኛ ምንጭ ያላቸውን ቃላት ይጠቀማል። የፌዴራል ተርጓሚው ለሶማሊኛ ዓምድ የሞቃዲሾውን ልማድ ይከተል ወይስ የጅግጅጋውን? ለትግርኛውስ? የታጂክ ልምድ እንደሚለው ይህን ካልወሰኑት ጊዜው ራሱ ይወስነዋል፤ የሚወስነውም ሰነዱ የተረቀቀበትን ቋንቋ ተከትሎ ነው።

አንድ መዝገብ ከመቂ እስከ ሰበር

ነገሩ በተግባር እንዴት እንደሚሠራ ለማየት አንድ የተለመደ የንግድ ግንኙነት እንውሰድ። የአትክልት ጅምላ ንግዱ በ2012 ዓ.ም. ከአራዳው አትክልት ተራ ተነሥቶ በጃንሜዳ በኩል ወደ ኃይሌ ጋርመንት ቢዛወርም፣ ፒያሳ አካባቢ መኖሪያና ቢሮ ያላቸው ነጋዴዎች አሉ እንበል። አንዱ ከመቂ ገበሬ ጋር ውል ይገባል፤ ገበሬው በመሬቱ ሽንኩርት ያመርታል፣ ነጋዴው ገንዘብ ያስቀድማል። ውሉ የተጻፈው መቂ ላይ፣ በአፋን ኦሮሞ ነው። ምርቱ ሳይቀርብ ሲቀር ክርክር ይነሣል።

ክርክሩ አዲስ አበባ ላይ በአራዳው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ችሎት ከተጀመረ ውሉ ወደ አማርኛ መተርጎም አለበት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 5 የፌዴራል መንግሥት የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው ይላልና። ክርክሩ በኦሮሚያ ተጀምሮ እስከ ክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሄደም ትርጉሙ አይቀርም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 80 መሠረታዊ የሕግ ስህተት ያለበትን ማናቸውንም የመጨረሻ ውሳኔ የማረም ሥልጣን ለፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለሚሰጥ፣ መዝገቡ ወደ ፌዴራል ሰበር ሊሄድ ይችላል። ያኔ ፍርዱ ሁሉ ወደ አማርኛ ይመለሳል፤ ውሳኔውም በአማርኛ ይጻፋል።

በዚህ ላይ ሌላ ሰንሰለት አለ። አዋጅ ቁጥር 454/1997 ከአምስት ያላነሱ ዳኞች ተሰይመው የሰጡት የሰበር የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ አድርጓል፤ አሁን በሥራ ላይ ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013ም ይህን ይዞ ቀጥሏል። አስገዳጁ ትርጉም የተጻፈው በአማርኛ ነው። መቂ ላይ በአፋን ኦሮሞ የሚፈርደው ዳኛ በሌላ ቋንቋ የተጻፈውን ሐሳብ በራሱ ቋንቋ እያሰበ ይሠራበታል። ስለዚህ የአማርኛው ቃል ጥላ በኦሮምኛው ፍርድ ላይ ይወድቃል፤ የሩሲያኛው ሞዴል በታጂኩ ሕግ ላይ እንደወደቀ ሁሉ።

አደጋው የት እንዳለ በውላችን ውስጥ አንድ ቃል ያሳየናል። ገበሬው «በመሬቱ» ያመርታል ብለናል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። ገበሬው ያለው የባለቤትነት መብት ሳይሆን ይዞታ ነው። አፋን ኦሮሞ ለሁለቱም ቃል አለው፦ ይዞታው «ቀቢዬ» ነው፤ «መያዝ» ከሚል ግሥ ስለመጣ አሠራሩ ከአማርኛው ጋር ይስማማል። ባለቤትነት ደግሞ «አባ ቀቤኙማ» ነው። ተርጓሚው በችኮላ አንዱን በሌላው ቢተካ የፊደሉ ዓይነት አያድነውም። ወደ አማርኛ የተመለሰው ውል ገበሬው መሬቱን በባለቤትነት እንደያዘ ካስመሰለ፣ ተከራካሪው ወገን ውሉ በሕግ የማይተላለፍ ነገር ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ፈራሽ ነው ሊል ይችላል። ገበሬውና ነጋዴው መቂ ላይ ያልተጣሉበት ነገር አዲስ አበባ ላይ መጣያቸው ይሆናል።

እንዲህ ያለው ስህተት በማንበብ ብቻ አይያዝም፤ ትርጉሙ በራሱ ቋንቋ ለስላሳ ሊሆን ይችላል። የሚያዘው ትርጉሙን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ወደ ምንጩ ቋንቋ እንዲመልስ በማድረግ ነው። «ቀቢዬ» ወጥቶ «አባ ቀቤኙማ» ሆኖ ከተመለሰ ክፍተቱ ተገኘ ማለት ነው። ሌላው ምልክት አንድ የአማርኛ ቃል በሁለት ሰነዶች በሁለት የተለያዩ ቃላት ሲተረጎም ነው፤ የሕግ አንባቢ ልዩ ቃል ሲያይ ልዩ ትርጉም ይፈልጋልና።

ሦስት መንገዶች

ፖሊሲው በሥራ ላይ ሲውል ሊሄድባቸው የሚችሉት መንገዶች ሦስት ይመስላሉ።

የመጀመሪያው፣ ሕጉ በአማርኛ ይረቀቅና ለሌሎቹ አራት ቋንቋዎች እንደ ማሳወቂያ ይተረጎማል፤ አከራካሪ በሚሆንበት ጊዜ አማርኛው ይጸናል። የነጋሪት ጋዜጣ ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 3/1987 በአማርኛና በእንግሊዝኛ መካከል ልዩነት ሲኖር አማርኛው የበላይ ነው ስለሚል፣ ይህ መንገድ ያለውን ሥርዓት ማስፋት ብቻ ነው። ርካሽና ፈጣን ነው። ጉድለቱ የታጂክ ልምድ የሚያሳየው ነው፦ የማይጸና ዓምድ ማንም ሕግ ባለሙያ በቁም ነገር አያነበውም፤ ተርጓሚው ቢሳሳት የሚጎዳ ስለሌለ የሚያርመው አይገኝም። ዜጋው ግን በቋንቋው ያነበበውን ሕግ ይዞ ፍርድ ቤት ሄዶ «የሚጸናው ሌላ ነው» ሊባል ይችላል።

ሁለተኛው፣ አምስቱም እኩል የሚጸኑበት መንገድ ነው። ካናዳ የፌዴራል ሕጎቿን በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ እኩል ታጸናለች፤ ሁለት አርቃቂዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጽፋሉ እንጂ አንዱ ጨርሶ ለሌላው አይሰጥም። የአውሮፓ ኅብረት በ24 ቋንቋ ይሠራል። በዚህ መንገድ የአንዱ ቋንቋ ጥላ በሌላው ላይ አይወድቅም፤ እንዲያውም አርቃቂው ሐሳቡን በኦሮምኛ መግለጽ ሲቸግረው የአማርኛው ዓረፍተ ነገር ራሱ ግልጽ እንዳልነበረ የሚታወቅበት ጊዜ ይኖራል። ዋጋው ከባድ ነው። በእያንዳንዱ ቋንቋ ማርቀቅ የሚችል ሕግ ባለሙያ ይጠይቃል፤ በምክር ቤት የሚደረግ እያንዳንዱ ማሻሻያ በአምስት ጽሑፍ ላይ እኩል መግባት አለበት፤ ፍርድ ቤቱም ሲተረጉም አምስቱን ማስታረቅ ይኖርበታል። በተለይ ለአፋርኛ የሠለጠነውን ሰው ቁጥር ማሳደግ ጊዜ ይፈልጋል። ከዚያ በፊትም ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል ያስፈልጋል።

ሦስተኛው መካከለኛ መንገድ ነው። አማርኛው ለጊዜው የበላይነቱን ይዞ ይቀጥላል፤ ግን ለየቋንቋው በሥልጣን የጸደቀ የቃል መዝገብ ይዘጋጃል። ሥራው ከአዲስ አዋጅ ይልቅ ፍርድ ቤት በየቀኑ ከሚጠቀምባቸው ጥቂት መቶ ቃላት ይጀምራል፦ ውል፣ ግዴታ፣ ይዞታ፣ ይርጋ፣ ዋስትና፣ ውርስ። ቃሉን የሚመርጠውም በቋንቋው ሲፈርድ የኖረው ዳኛ ነው። ኦሮሚያ በክልሉ የሕግ ጋዜጣ፣ በመገለተ ኦሮሚያ፣ ሕጎቹን በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ሲያትም ስለኖረ የተዘጋጀ ሀብት አለ፤ የፌዴራል ተርጓሚ ይህን ሳያይ አዲስ ቃል ቢፈጥር ለአንድ ነገር ሁለት ስም ያወጣል። ከሁሉ በፊት ሊተረጎም የሚገባውም አዲሱ አዋጅ ሳይሆን አስገዳጁ የሰበር ውሳኔ ነው፤ የቃሉን ትርጉም በተግባር የሚወስነው እርሱ ስለሆነ።

ግምገማ

ካለው የሰው ኃይልና ከሕገ መንግሥቱ ድንጋጌ አንጻር በቅርቡ የሚታየው አንደኛው መንገድ፣ በተሻለ ሁኔታ ደግሞ ሦስተኛው ይሆናል። ሁለተኛው የረጅም ጊዜ ግብ ሊሆን ይችላል እንጂ በአንድ አዋጅ የሚደረስበት አይደለም። በአንደኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ልዩነት ከውጭ ሲታይ ትንሽ ነው፤ በሁለቱም ጋዜጣው ብዙ ዓምድ ይኖረዋል፣ በሁለቱም አማርኛው ይጸናል። ልዩነቱ የሚታየው ለእያንዳንዱ ቃል ባለቤት መኖር አለመኖሩ ላይ ነው።

ከታጂኪስታን መወሰድ ያለበት ትምህርትም በዚህ ነጥብ ላይ ነው። እዚያ የፊደል ለውጡ ሁለቴ በአዋጅ ተደርጎ በአንድ ትውልድ ውስጥ ተፈጸመ፤ ከነጻነት በኋላም የሕዝብ ቃላት በፍጥነት ታደሱ። የሕግ ቃል ግን የረቂቁን ቋንቋ እንደተከተለ ቀረ፤ «ሱድ»ን «ዶድጎህ» ለማድረግ ከቃል ምርጫ በፊት ረቂቁ የሚጻፍበትን ቋንቋ መለወጥ ይጠይቅ ነበር። ያ ባለመሆኑ አንድ ዜጋ በሁለት ሕግ ሁለት ስም ይዞ ይኖራል።

ስለዚህ የፖሊሲውን ሂደት የሚከታተል ሰው በፊደሎቹ መደርደር ብቻ ባይረካ ይሻላል። ሊጠየቁ የሚገባቸው ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፦ ለየቋንቋው የጸደቀ የቃል መዝገብ ታትሟል ወይ? አስገዳጅ የሰበር ውሳኔዎች በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ፣ በትግርኛና በአፋርኛ መውጣት ጀምረዋል ወይ? ረቂቅ ሕግ ወደ ምክር ቤት ከመሄዱ በፊት በሌላ ቋንቋ ተጽፎ ተፈትሿል ወይ? የመጀመሪያው መልስ «አዎ» ከሆነ ትርጉሙ ወጥ ይሆናል፤ ሁለተኛው ከተጨመረ የክልል ዳኛ በራሱ ቋንቋ በተጻፈ ሕግ ይፈርዳል፤ ሦስተኛው ከተሟላ ከአማርኛ ውጭ ያሉት ቋንቋዎች ትርጉም መሆናቸው ቀርቶ የሕግ ምንጭ ይሆናሉ። ሦስቱም «አይደለም» ከሆኑ ግን ነጋሪት ጋዜጣው ብዙ ዓምድ ይዞ ሊወጣ ይችላል፤ የመቂው ገበሬና የፒያሳው ነጋዴ ጉዳይ የሚወሰነው እንደበፊቱ በአንዱ ዓምድ ብቻ ይሆናል።